ሰባት መቶ አራት ካሎሪ ከየት መጣ? የምግብን ግራም ወደ ካሎሪ ስለመለወጥ

(በኮምቦልቻ ከተማ ለደረቅ ምግብ አዘጋጆች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

በእጄ የያዝኩት ግማሽ ኪሎ የሚመዝን የልጆች ምጥን ዱቄት ነው። አዘጋጇ እዚሁ ኮምቦልቻ የምትኖር፣ ገብሱን ራሷ የምታምስ፣ ሽምብራውን ራሷ የምትከካ እናት ናት፤ ስሟን ሳልጠራ ስለ ዱቄቷ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። የሚበዛው ገብስ ነው፣ ቀጥሎ ሽምብራ፣ ከዚያም ጥቂት ለውዝ ተቆልቶ አብሮ ተፈጭቷል። ሥራዋ ንጹሕ ነው፤ ዱቄቱ ልም ነው፣ ሽታውም ገና ከምጣድ የወረደ ያህል ነው። ነገር ግን በማሸጊያው ጀርባ ላይ «በ100 ግራም 704 ካሎሪ» የሚል ጽሑፍ ታትሟል። እኔ በላቦራቶሪ ውስጥ ከሚዛንና ከምድጃ ጋር ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ቁጥር ባየሁ ጊዜ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ዱቄት 704 ካሎሪ ሊኖረው ፈጽሞ አይችልም። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን እንዴት ሳልመረምር እንዳወቅሁና ትክክለኛው ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ ነው።

ዱቄቱ ቀደም ሲል ለምርመራ ተሰጥቶ ስለነበር የላቦራቶሪው ወረቀት አብሮት ነበር። በወረቀቱ መሠረት በ100 ግራም ዱቄት ውስጥ 7 ግራም እርጥበት፣ 14 ግራም ፕሮቲን፣ 9 ግራም ቅባት፣ 2 ግራም አመድ፣ 68 ግራም ደግሞ ካርቦሃይድሬት አለ። ደምሩት፤ 100 ይሆናል። ካሎሪ የሚሰጡን ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ብቻ ናቸው። የአንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ የአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ የአንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ተብሎ ይሰላል። እርጥበቱ ውኃ ነው፣ አመዱም ማዕድን ነው፤ ሁለቱም በሚዛን ላይ ይከብዳሉ እንጂ ካሎሪ የላቸውም። እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦

ፕሮቲን፦ 14 × 4 = 56
ካርቦሃይድሬት፦ 68 × 4 = 272
ቅባት፦ 9 × 9 = 81
ድምር፦ 409

ታዲያ 704 ከየት መጣ? ወረቀቱን ለማተሚያ ቤት ያዘጋጀው ሰው ማባዣዎቹን አዛውሯቸው ነበር። 68ቱን የካርቦሃይድሬት ግራም በ9፣ 9ኙን የቅባት ግራም ደግሞ በ4 አባዛ፤ 612 እና 36 አገኘ፣ በዚያ ላይ 56 ሲጨምር 704 ሆነ። ስሕተቱ የአንድ ረድፍ መዛነፍ ነው፤ ውጤቱ ግን አንዲት እናት በ100 ግራም ዱቄት ልጄ ይህን ያህል ጉልበት አገኘ ብላ ስታስብ በእውነት የሚያገኘው ከዚያ ከአሥር ስድስት እጅ ያህሉ፣ ማለትም ከመቶው 58 ብቻ መሆኑ ነው።

የስሌቱን ወረቀት ሳላይ ስሕተት መሆኑን ያወቅሁት በአንድ ቀላል ማሰብ ነው፤ ይህንንም ከዛሬው ንግግር ውስጥ ሌላው ቢረሳ እንኳ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በ100 ግራም ምግብ ውስጥ ቅባት ከሌለ፣ ሌላው ሁሉ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ቢሆን እንኳ ካሎሪው ከ400 አይበልጥም፤ 100 ጊዜ 4 ስለሆነ። አንድ ግራም ቅባት በአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ቦታ ሲተካ ደግሞ 4ቱ ወጥቶ 9ኙ ስለሚገባ የሚጨመረው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ የማንኛውም የምታውቁት ምግብ ጣሪያ 400 ሲደመር የቅባቱ ግራም በ5 ተባዝቶ ነው። የዚህ ዱቄት ቅባት 9 ግራም ነው፤ 9 በ5 ሲባዛ 45፣ ጣሪያው 445 ይሆናል። እውነተኛው ካሎሪ ደግሞ ከጣሪያው ዝቅ ማለት አለበት፤ እርጥበትና አመድ ቦታ ይዘዋልና። 409 ከ445 በታች ነው፤ ይስማማል። 704 ግን ጣሪያውን ጥሶ ሰማይ ላይ የወጣ ቁጥር ነው። ንጹሕ ዘይት እንኳ ጣሪያው 900 ነው። ከ900 በላይ ካሎሪ በ100 ግራም የተጻፈበት የምግብ ማሸጊያ ካጋጠማችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ የሚባሉት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ላስረዳ። ይህን የማስረዳው ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ ቁጥሮቹ እንዴት እንደተገኙ ያወቀ ሰው የት ላይ እንደሚያገለግሉ፣ የት ላይ እንደሚሳሳቱ በራሱ ማየት ስለሚችል ነው።

ካሎሪ ስንል በምግብ ነገር የምንናገረው ኪሎካሎሪውን ነው፤ እርሱም አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። ምግብን በወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ዘግቶ፣ ኦክስጅን ሞልቶ፣ በዙሪያው ውኃ አድርጎ ቢያቃጥሉት የውኃው ሙቀት መጨመር የምግቡን ጉልበት ይናገራል። በዚህ ዓይነት ሲለካ አንድ ግራም ፕሮቲን 5.65፣ አንድ ግራም ቅባት 9.4፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4.1 ገደማ ይሰጣል። የሰው ሆድ ግን ያ የብረት ዕቃ አይደለም። የምንበላው ሁሉ አይፈጭም፤ የተፈጨውም ሁሉ እስከ መጨረሻው አይቃጠልም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአሜሪካ አገር ዊልበር አትዋተር የሚባል ኬሚስት ይህን ልዩነት ለመለካት ተነሣ። ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ሮዛ ጋር ሆኖ አንድ ሰው ለቀናት የሚተኛበት፣ የሚበላበትና የሚሠራበት ትንሽ ክፍል አሠራ፤ ከክፍሉ የሚወጣው ሙቀት በትክክል ይለካ ነበር። ወደ ሰውየው የሚገባው ምግብ ይመዘናል፣ ከሰውየው የሚወጣው ዓይነ ምድርና ሽንትም ይመዘናል፣ ይመረመራል። ከእንዲህ ዓይነቱ አድካሚ ሥራ የወጣው ውጤት ይህ ነበር፦ በተለመደው የተቀላቀለ አመጋገብ ሰውነት ከፕሮቲኑ ከመቶ 92ቱን፣ ከቅባቱ 95ቱን፣ ከካርቦሃይድሬቱ 97ቱን ይወስዳል።

ቅባቱን ውሰዱ፤ 9.4 በመቶኛው 95 ሲባዛ 8.93 ይሆናል፣ ይህም ወደ 9 ይጠጋል። ካርቦሃይድሬቱን ውሰዱ፤ 4.1 በመቶኛው 97 ሲባዛ 3.98፣ ይህም 4 ነው። የፕሮቲኑ ነገር ግን ከሁለቱ ይለያል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ እዚህ ላይ እቆያለሁ። ፕሮቲን ናይትሮጂን አለው፤ ሰውነታችን ይህን ናይትሮጂን ማቃጠል አይችልም፣ ዩሪያ አድርጎ በሽንት ያስወጣዋል። ዩሪያው ራሱ ገና ያልተቃጠለ ጉልበት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ይህም ለእያንዳንዱ የተፈጨ ግራም ፕሮቲን 1.25 ካሎሪ ያህል ነው። 5.65 ሲቀነስ 1.25፣ 4.4 ይቀራል፤ ከእርሱ ከመቶው 92 ሲወሰድ 4.05 ይሆናል። ፕሮቲን በእሳት ሲቃጠል ከካርቦሃይድሬት ብዙ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ በሰውነታችን ውስጥ እኩል 4 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅባት ከእጥፍ በላይ የሆነው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅም አይጠፋም። ማገዶን አስቡ። ካርቦሃይድሬት በውስጡ ብዙ ኦክስጅን ስላለው ከፊሉ አስቀድሞ እንደተቃጠለ እንጨት ነው። ቅባት ደግሞ አብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጂን ነው፤ ኦክስጅኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚቃጠለው ገና ሁሉም ነው።

ቁጥሮቹ እንግዲህ ተጠጋግተው የተቀመጡ አማካዮች ናቸው። አንድ ሰው ማሸጊያ ላይ «408.73 ካሎሪ» ብሎ ቢጽፍ በሳይንስ ያጌጠ ይመስላል እንጂ የነጥቡ ኋላ ያለው ቁጥር ምንም አያውቅም። 409 ወይም 410 ተብሎ ቢጻፍ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እስካሁን በብዙ ወረቀቶች ላይ ያየሁት ስሕተት ከአራትና ከዘጠኝ የመጣ አይደለም፤ የማባዣ መዛወር እንደዚህኛው አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ግን ወዲያው ይታያል። ብዙውና የተደበቀው ስሕተት የሚመጣው ከግራሙ ነው። ግራም ሲባል የምን ግራም?

ደሴ ላይ አንድ ወጣት የስፖርት ሰው በቀን ምን ያህል እንደሚበላ የጻፈበትን ደብተር አሳይቶኝ ነበር። «ሥጋ 200 ግራም፣ ፕሮቲን ስለሆነ በ4፣ 800 ካሎሪ» ይላል። ልጁ በቅንነት ነው የጻፈው፤ ሥጋ ፕሮቲን ነው ሲባል ሰምቷል። ነገር ግን ሥጋ ፕሮቲን ያለበት ምግብ ነው እንጂ ራሱ ፕሮቲን አይደለም። ጮማ የሌለው ቀይ የበሬ ሥጋ በጥሬው ሲመዘን ከመቶው ሰባ ምናምኑ ውኃ ነው። በ100 ግራም ውስጥ 21 ግራም ፕሮቲንና 5 ግራም ቅባት ቢኖረው 84 እና 45፣ ባንድነት 129 ካሎሪ ነው። የልጁ 200 ግራም ወደ 258 ካሎሪ እንጂ 800 አይደለም። ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ በ4 ወይም በ9 የሚባዛው በምግቡ ውስጥ ያለው የንጥረ ነገሩ ግራም ነው፣ ምግቡ በሚዛን ላይ የሚያሳየው ግራም አይደለም። ያለ ሠንጠረዥ ወይም ያለ ላቦራቶሪ ወረቀት ማባዛት የሚቻለው ዘይትንና ስኳርን ብቻ ነው፤ ዘይት በሙሉ ቅባት፣ ስኳርም በሙሉ ካርቦሃይድሬት ናቸው ማለት ይቻላልና።

በዘይት ላይም ቢሆን አንድ መጠንቀቂያ አለ። ዘይት የምንሰፍረው በማንኪያና በሊትር ነው፣ ማባዣው ግን በግራም ነው። አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይመዝንም፤ ወደ 920 ግራም ነው። ስለዚህ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሻይ ማንኪያ ዘይት 4.6 ግራም ነው፤ በ9 ሲባዛ ወደ 41 ካሎሪ እንጂ 45 አይደለም። በአንድ ማንኪያ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሊትር ላይ ግን ከ700 ካሎሪ በላይ ነው።

ወደ ዱቄታችን እንመለስ። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ካሉት አምስት ቁጥሮች መካከል አራቱ ተለክተው የተገኙ ናቸው። እርጥበቱ የሚታወቀው ዱቄቱን በ105 ዲግሪ አድርቆ የቀነሰውን ክብደት በማየት ነው። አመዱ የሚታወቀው በ550 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አቃጥሎ የቀረውን በመመዘን ነው። ቅባቱ በሚያሟሟ ፈሳሽ ተጣርቶ ይወጣል። ፕሮቲኑ ደግሞ በቀጥታ አይለካም፤ ናይትሮጂኑ ተለክቶ በ6.25 ይባዛል፣ ፕሮቲን በአማካይ ከመቶው 16 ናይትሮጂን ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። አምስተኛው፣ ካርቦሃይድሬቱ፣ በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ የተለካ አይደለም፤ አራቱ ተደምረው ከ100 የተቀነሰ ቀሪ ነው።

ይህን ልብ ብላችሁ አስቡት። በዱቄታችን ከካሎሪው ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው ማንም ካልለካው ቁጥር ነው። በአራቱ ልኬቶች ላይ የደረሰ ጉድለት ሁሉ ሄዶ ሄዶ ካርቦሃይድሬቱ ላይ ያርፋል። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው እርጥበት ነው። አንዳንድ አዘጋጅ «ዱቄቱ ደርቋል» ብሎ እርጥበቱን ሳያስለካ ዜሮ አድርጎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ሰባቱ ግራም ውኃ ካርቦሃይድሬት ይሆናል፤ 7 ጊዜ 4፣ 28 ካሎሪ ከውኃ ተገኘ ማለት ነው። ውኃን በካሎሪ ዋጋ መሸጥ ነው፤ ሻጩ ግን አላወቀም። እኛ በምንኖርበት አገር ደግሞ እርጥበት ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ዱቄቱ ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ተፈጭቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ገብቶ፣ በክረምቱ ጉምና ካፊያ መካከል በተከፈተ ጆንያ ቢቀመጥ ውኃ ይስባል። እርጥበቱ ከ7 ወደ 11 ቢደርስ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር ከ93 ወደ 89 ይወርዳል፤ 409 የነበረውም ካሎሪ በዚያው ልክ ወርዶ ወደ 391 ይሆናል። ዱቄቱ ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ኪሎው ጨምሯል። በማሸጊያ የታሸገ ዱቄት የተሻለ ይጠበቃል፤ በጆንያ ለሚሸጥ ግን የበጋ ልኬትን በክረምት መጥቀስ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ቅባቱ ነው። ለውዝ ያለበት ዱቄት በደንብ ካልላመ ቅባቱ በሙሉ ተጣርቶ አይወጣም። 9 ግራም መሆን የነበረበት 7 ሆኖ ቢመዘገብ ሁለቱ ግራም አይጠፋም፤ ከ100 በሚቀነስበት ጊዜ ካርቦሃይድሬት ተብሎ ይቆጠራል። በ9 መባዛት የነበረበት በ4 ይባዛል፣ በግራም 5 ካሎሪ ይጎድላል፣ በድምሩ 10። ድምሩ አሁንም 100 ስለሆነ ወረቀቱን ያየ ሁሉ ትክክል ነው ይላል። ስለዚህ ድምሩ 100 መሆኑ የልኬቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ካርቦሃይድሬቱ በቀሪነት እስከተገኘ ድረስ ድምሩ ምንጊዜም 100 ነው። ማረጋገጫ የሚሆነው እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ጊዜ መደገሙና ሁለቱ ውጤቶች መቀራረባቸው ነው። ላቦራቶሪ ስትሄዱ «ስንት ጊዜ ለካችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው የሚያስቀይም አይደለም።

በካርቦሃይድሬቱ ውስጥ አንድ ሌላ የተሸሸገ ነገር አለ፤ አሰር። ቀሪው 68 ግራም ስታርቹንም፣ ስኳሩንም፣ የገብሱን ገለባና የሽምብራውን ቅርፊት አሰርም ባንድነት ይዟል። ስታርች ተፈጭቶ በግራም 4 ይሰጣል። አሰር ግን በትንሹ አንጀት ውስጥ አይፈጭም፤ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ያብላሉታል፣ ከዚያ የሚገኘው ጉልበት በግራም 2 ካሎሪ ተብሎ ይገመታል። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መለያ ሕግ የሚጠቀመውም ይህንኑ 2 ነው። የዚህ ዱቄት አሰር ለብቻው ቢለካና 8 ግራም ቢሆን፣ ከ68 ላይ 8 ተቀንሶ 60 ይቀራል። ፕሮቲኑ 56፣ ካርቦሃይድሬቱ 60 ጊዜ 4 ሆኖ 240፣ አሰሩ 8 ጊዜ 2 ሆኖ 16፣ ቅባቱ 81፤ ድምሩ 393 ነው።

አሁን 409 እና 393 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉን፤ ሁለቱም በሚታወቅ መንገድ የተሠሩ ናቸው። የእኔ ፍርድ አሰሩን ያስለካ ሰው 393ን ይጻፍ የሚል ነው፤ ወደ እውነቱ የቀረበው እርሱ ነውና። ያላስለካ ደግሞ 409ን ይጻፍ፣ ካርቦሃይድሬቱም አሰርን ጨምሮ መሆኑን ይግለጽ። መደረግ የሌለበት ሁለቱን ማቀላቀል ነው። 68ቱን እንዳለ በ4 አባዝቶ በላዩ ላይ ለአሰሩ 16 የጨመረ ሰው 425 ያገኛል፤ ስምንቱን ግራም ሁለት ጊዜ ቆጥሯል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

እንግዲህ ዱቄቱ ከማሸጊያው ወጥቶ ድስት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እንይ። አንዲት እናት 30 ግራም ዱቄት ወስዳ አጥሚት ብትሠራ፣ ለንግግራችን እንዲመች 409ን እንያዝ፣ በዱቄቱ ውስጥ 4.2 ግራም ፕሮቲን፣ 20.4 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 2.7 ግራም ቅባት አለ። ሲባዛ 16.8፣ 81.6 እና 24.3 ይሆናል፤ ድምሩ 123 ካሎሪ ያህል ነው። ውኃ ጨምራ ኩባያ ሙሉ ብታደርገው ያው 123 ነው፤ ሁለት ኩባያ ብታደርገውም ያው 123 ነው። የሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ነው፤ ሁለቱን ኩባያ አይጨርስም። ቀጭን አጥሚት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ጉልበቱ የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ እናቶች «ጠግቦ ነው የተኛው» ሲሉኝ እኔ የማስበው ስለ ውኃው ነው።

በዚያው ኩባያ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨመር። ቀደም ብለን እንዳሰላነው 4.6 ግራም፣ 41 ካሎሪ ነው። ኩባያው ከነበረበት ሳይበዛ ጉልበቱ ከ123 ወደ 164 ያድጋል፤ ሲሶ ጨመረ ማለት ነው። ማባዣው 9 መሆኑ በተግባር የሚታየው እዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የሚያደናግር አነጋገር አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ሳትቀሩ የምትሳሳቱበት ነው። «የቅባቱ ድርሻ ስንት በመቶ ነው?» ሲባል በክብደት ነው ወይስ በጉልበት? በክብደት ካየነው ዘይት የተጨመረበት ደረቅ ምግብ 34.6 ግራም ነው፤ ከእርሱ ውስጥ ቅባቱ 2.7 እና 4.6፣ ማለትም 7.3 ግራም ነው፤ ከመቶው 21 ይሆናል። በጉልበት ካየነው ግን 7.3 በ9 ሲባዛ 66 ካሎሪ ያህል ነው፤ ከ164 ውስጥ ከመቶው 40 ነው። አንድ ዓይነት ኩባያ፣ አንድ ዓይነት ቅባት፤ 21 ያለውም 40 ያለውም እውነቱን ነው የተናገረው። ለአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና የሚሰጠው በከረጢት የታሸገ ለስላሳ ምግብ ቅባቱ ከ45 እስከ 60 በመቶ ይሁን ሲባል ከጉልበቱ ማለት ነው። ይህን በክብደት የተረዳ ሰው በቤት ውስጥ አስመስሎ ሊሠራው ቢሞክር ምግቡን ዘይት ብቻ ያደርገዋል። ከግራም ወደ ጉልበት ድርሻ ለመሄድ ሁልጊዜ መጀመሪያ እያንዳንዱን ማባዛት፣ ቀጥሎ መደመር፣ በመጨረሻ ማካፈል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ መልሱ ይበላሻል።

የአራት፣ አራት፣ ዘጠኝ ስሌት የማይደርስበትን አንድ ቦታ ደግሞ ላሳይ። ቁጥሮቹ አማካይ ስለሆኑ ምግቡ እንዴት እንደተዘጋጀ አያውቁም። በ2012 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ሰዎችን ሙሉ አልሞንድ እያበሉ የገባውንና የወጣውን ለኩ። በተለመደው ስሌት አንድ ግራም አልሞንድ ወደ 6 ካሎሪ ይሰጣል ይባል ነበር፤ ከሰዎቹ ሰውነት የተገኘው ግን 4.6 ብቻ ሆነ። ምክንያቱ የፍሬው ሴል ግድግዳ ጠንካራ መሆኑ ነው፤ በጥርስ ያልደቀቀው ክፍል ቅባቱን እንደያዘ ሳይፈጭ ያልፋል። የእኛ ዱቄት ለውዙ ስለተፈጨ ይህ ነገር ብዙ አይነካውም። ሙሉውን ፍሬ ቆልታችሁ ለምትሸጡ ግን ማሸጊያው ላይ የምትጽፉት ቁጥር የሚበላው ሰው ከሚያገኘው ሊበልጥ እንደሚችል እወቁ።

በመጨረሻ ለጥያቄ በተሰጠው ጊዜ ከደሴ የመጡ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «እኛ ለልጅ ገንፎ የምናደርገው ዘይት ሳይሆን ቅቤ ነው፤ እርሱስ በዘጠኝ ነው የሚባዛው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸውን እጅግ ወደድኩት፤ መልሱ የንግግሬ ሁሉ ፍሬ ነውና። እንዲህ አልኳቸው፦ እናቴ፣ ቅቤው የነጠረ ነው ያልነጠረ? ያልነጠረ ለጋ ቅቤ ውኃና አሬራ በውስጡ ስላለ ከመቶው 80 ያህሉ ብቻ ነው ቅባቱ። 10 ግራም ለጋ ቅቤ ቢጨምሩ ቅባቱ 8 ግራም ነው፤ በ9 ሲባዛ 72 ካሎሪ ይሆናል። ሲያነጥሩት እየተንጫጫ የሚወጣው ውኃው ነው፤ ጩኸቱ ሲያቆም ውኃው አለቀ ማለት ነው። ተጣርቶ የቀረው ከሞላ ጎደል በሙሉ ቅባት ስለሆነ 10 ግራሙ ወደ 90 ካሎሪ ይሰጣል።

እርሳቸውም፣ «እንግዲያ አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝቼ ሳነጥረው ሚዛኑ ሲቀንስ ከስሬ አይደለም» አሉ። አልከሰሩም፤ የቀነሰው ውኃውና ዝቃጩ ነው። በኪሎው ውስጥ የነበረው 800 ግራም ያህል ቅባት፣ 7,200 ካሎሪው፣ በማጥለያው ላይ ከሚቀረው ጥቂት በስተቀር በቅሉ ውስጥ አለ።